የድሮው ፕለጊን በአዲሱ ማክ ላይ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ከኢንቴል ማክ ወደ ኤም2 ማክ ቀየርኩ። የድሮው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሜ ያለ ችግር ይከፈታል፤ በሙዚቃ ማቀናበሪያው ውስጥ የምጠቀምበት የማሚቶ ፕለጊን ግን ከዝርዝሩ ጠፋ። ሁለቱም ለኢንቴል የተሠሩ ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ከጻፈው ሶርስ ኮድ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ የተለወጠ ፕሮግራም ለአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ብቻ የተጻፈ የቁጥር መመሪያ ነው። የኤም ፕሮሰሰር እያንዳንዱ መመሪያ 4 ባይት ሲሆን የኢንቴል ግን ከ1 እስከ 15 ባይት ይለያያል፤ ተራ የመደመር ትእዛዝ እንኳ በሁለቱ ዘንድ በተለያየ ኮድ ስለሚጻፍ፣ የኢንቴሉን ፋይል ኤም2 በቀጥታ ሊያስኬደው አይችልም። የፎቶ ፕሮግራምዎን የከፈተልዎ ሮዜታ 2 ነው፤ ይህ ተርጓሚ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት መመሪያዎቹን ወደ ኤም ቋንቋ መልሶ ውጤቱን ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው አከፋፈት ከኋለኞቹ የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፕለጊኑ ግን ራሱን ችሎ አይከፈትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው በሙዚቃ ፕሮግራሙ ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሠራ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። አንድ ፕሮሰስ ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ በኤም ኮድ ይሠራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ በሮዜታ በኩል ያልፋል እንጂ ሁለቱን አይቀላቅልም። የእርስዎ ማቀናበሪያ ለኤም የተሠራ ስለሆነ የኢንቴሉን ፕለጊን አልተቀበለውም። ለማረጋገጥ በተርሚናል ይህን ይጻፉ፤ የፋይሉን ስም በራስዎ ፕለጊን ይተኩ፦

```
file /Library/Audio/Plug-Ins/VST3/Echo.vst3/Contents/MacOS/Echo
```

መልሱ `x86_64`፣ ማለትም የኢንቴል 64 ቢት ኮድ ብቻ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። `i386` ብቻ ካለ ግን አይድከሙ፤ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ማክ ከ2019 ጀምሮ ትቷቸዋል፣ ሮዜታም አይተረጉማቸውም።

በመጀመሪያው ሁኔታ ማቀናበሪያውን ይዝጉና በፋይንደር መርጠው `Get Info` ውስጥ `Open using Rosetta` የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ምርጫው የሚታየው ፕሮግራሙ የሁለቱንም ፕሮሰሰር ኮድ የያዘ ሲሆን ብቻ ነው። እንደገና ከፍተው ፕለጊኖቹን ያስፈትሹ፤ በ`Activity Monitor` የ`Kind` ዓምድ `Intel` ካለ ተሳክቷል። አሁን ግን ማቀናበሪያው በሙሉ በትርጉም ስለሚሄድ ፕሮሰሰሩ የበለጠ ይጫናል፤ ለኤም ብቻ የተሠሩ ፕለጊኖች ካሉዎትም በተራቸው ይጠፋሉ።

ዘላቂው መፍትሔ አምራቹ ፕለጊኑን ለኤም እንደገና ኮምፓይል እንዲያደርገው ነው፤ ለዚህም ሶርስ ኮዱ ያስፈልጋል፣ ከተዘጋ ድርጅት ደግሞ ይህን መጠበቅ ከንቱ ነው። ሶርስ ኮዱ ያላቸውም ቢሆኑ አንዳንዴ የሚዘገዩት በስንፍና አይመስለኝም፤ የድምፅ ፕለጊን ፍጥነት ለማግኘት ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ በሚያሰላው የኢንቴል ኤስኤስኢ መመሪያ በእጅ የተጻፈ ክፍል ሊኖረው ይችላል፣ ያም ለኤም ፕሮሰሰር ኒዮን መመሪያ ተስተካክሎ መጻፍ አለበት።

አፕል በ2025 እንዳስታወቀው አጠቃላዩ ሮዜታ እስከ ማክኦኤስ 27 ብቻ ይቆያል። ስለዚህ በዚህ ፕለጊን የሠሯቸውን የቆዩ ፕሮጀክቶች አሁን ይክፈቱና ማሚቶ ያለበትን እያንዳንዱን ትራክ ወደ ዌቭ ፋይል አውጥተው ያስቀምጡ።