የሳምንቱ የሪቪው ሪፖርት፦ የትኛውን ቁጥር ልመን?

«የሪቪው ፍጥነታችን ከ9 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ወርዷል። ክፍት ፑል ሪኩዌስት እንደ ባለፈው ሳምንት 14 ነው። የአንጋፋው ዕድሜ ግን ከ34 ቀን ወደ 41 ሄደ። ተሻሽለናል ወይስ ብሶብናል?»

ከመጨረሻው ቁጥር ጀምር። 34 ላይ 7 ቀን ሲደመር 41 ነው። ያው ፑል ሪኩዌስት ሳምንቱን ሙሉ ሳይዘጋ ከርሟል ማለት ነው።

5 ሰዓቷ አታታልህ። ፍጥነቱ፣ ማለትም የመጀመሪያው ሪቪው እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ የሚሰላው ሪቪው ባገኙት ላይ ብቻ ነው። ማንም ያልነካው ስሌቱ ውስጥ የለም። ሰው ቀላል ቀላሉን እየመረጠ ካየ ቁጥሩ ያምራል፣ ከባዱ ግን ጥጉን ይዞ ይቀመጣል።

14ቱም ብቻውን ብዙ አይናገርም። 10 ገብቶ 10 ወጥቶም፣ ምንም ሳይንቀሳቀስም ያው 14 ነው። የሳምንቱን የተከፈተና የተዘጋ ብዛት ጎኑ ጻፍበት። ከዚያ አንጋፋዎቹን በስም አውጣቸው፦

```
gh pr list --search "draft:false sort:created-asc" --limit 5
```

ድራፍቶቹን ያስወጣሁት ገና ያላለቀ ሥራ ዕድሜውን በከንቱ ስለሚያሳብጠው ነው። እኛ ጋ አንዴ ከላይ የወጣው፣ ሪቪው የተጠየቀው ልጅ ከቡድኑ ከወጣ ወር ያለፈው ነበር። ሌላ ሰው ስንመድብለት በሁለት ቀን አለቀ።

አንድ ነገር ግን ጠብቅ። ያ የ41 ቀኑ የመጀመሪያ ሪቪውን ሲያገኝ ስሌቱ ውስጥ ይገባል። ሌሎች ዘጠኝ በ5 በ5 ሰዓት ቢታዩ እንኳ፣ እሱ ሲጨመር አማካዩ ወደ 103 ሰዓት ይዘላል። ሚዲያኑ ግን እዚያው 5 ላይ ነው። አለቃህ አማካዩን አይቶ ከደነገጠ፣ ያ ሳምንት ውዝፉን ያነሳችሁበት ነው።