«የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ ነው»

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት የሠራሁት በሰው ሀብት ክፍል ነው። ሥራ የሚለቁ ሰዎችን በመጨረሻው ሳምንታቸው ቁጭ አድርጎ መጠየቅ አንዱ ሥራዬ ነበር፤ የመውጫ ቃለ መጠይቅ የሚባለው ነገር። ለረጅም ጊዜ ሳበላሸው ነው የኖርኩት።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ፣ 9 ሰው ካለው የሂሳብ ክፍል በዓመት ከምናምን ውስጥ 5 ሰው ለቀቀ። አምስቱም ቅጹ ላይ ምልክት ያደረጉት አንዱ ሳጥን ላይ ነው፤ «የተሻለ ደመወዝ»። እኔም አምኜ ለአለቆቼ ሪፖርት አደረግኩ። ለክፍሉ ጭማሪ ተፈቀደ። ጭማሪው በገባ በሦስተኛው ወር ስድስተኛዋ መልቀቂያ ይዛ መጣች።

ያኔ ቅጹን ወደ ጎን አደረግኩት። «ለምን ትለቂያለሽ?» ማለቱን ትቼ «የሥራ ማስታወቂያ ማየት የጀመርሽው መቼ ነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ባለፈው ዓመት፣ ወር መጨረሻ ላይ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ታክሲ ስጠብቅ፣ እዚያው ቆሜ በስልኬ ማየት ጀመርኩ» አለችኝ።

ነገሩ የተተረተረው ከዚህ በኋላ ነው። የሂሳብ ክፍሉ የወሩን ሪፖርት ጠዋት ማስረከብ አለበት። ሽያጭ ክፍል መረጃውን የሚልክለት ደግሞ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ሌሊት እዚያው ይነጋል። ሠራተኛው «ጨካኝ» የሚለው አለቃቸውም ያንኑ መረጃ አብሮ ይጠብቅ ነበር፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም።

ቀድመው ለለቀቁት ደወልኩ። ሦስቱን አገኘኋቸው። ሁለቱ ስለ ሌሊቱ ገና ሳልጠይቃቸው ራሳቸው አነሱት። ሦስተኛው ግን «እኔስ እውነትም ብሩ ነው» አለኝ፣ ሳቀ። መፍትሔው ከጭማሪው በጣም ይረክስ ነበር፤ ሽያጭ ክፍል እስከ 25ኛው ቀን ያለውን አስቀድሞ ይላክ፣ ዋዜማው ላይ ቀሪውን ብቻ።

አምስቱ ዋሽተውኝ ነበር? አልዋሹም። አዲሱ ሥራ የተሻለ ይከፍላቸው ነበር። ግን ቢያንስ ለሁለቱ ያ መሄጃቸውን የመረጡበት ምክንያት ነው እንጂ መሄድ ያሰኛቸው ነገር አይደለም። ደግሞ ክሊራንስ ያልጨረሰ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያልተቀበለ ሰው ማንንም የማያስቀይመውን መልስ ቢመርጥ አይፈረድበትም። «ለምን» ሲባል ሰው ምክንያት ያዘጋጃል። «መቼ» ሲባል ያስታውሳል።

ነገ ጠያቂ የምትሆኑ አትጠፉም። የቅርብ አለቃው ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥ። የአንድ ሰው ቅሬታ የአንድ ሰው ቅሬታ ነውና ይዛችሁ አትሩጡ፤ ከሌሎቹ ጎን አስቀምጡት፣ ቀድመው የለቀቁትንም ደውላችሁ ጠይቁ። መልስ መስጠት፣ መከላከል ከጀመራችሁ ቃለ መጠይቁ እዚያው አለቀ። እኔ ይህን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አፌ ይበላኝ ነበር። አራት ሰው ባለበት ክፍል ደግሞ «ማን እንዳለው አይታወቅም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ይታወቃል።

ለቃቂ ስትሆኑ ደግሞ፣ ከመጀመራችሁ በፊት «ይህን ማን ያነበዋል? ፋይሌ ውስጥ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። መልሱ ካላሳመናችሁ ጥቂት ተናግራችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ለመናገር ከወሰናችሁ ግን ስለ ሥራው ተናገሩ፤ ምን ይሆናል፣ በስንት ጊዜ ይደጋገማል፣ ምን ቢቀየር ኖሮ ትቆዩ ነበር። «አለቃዬ ክፉ ነው» ብትሉ ጠያቂው ምን ይጻፍ? «መረጃው በዋዜማው ስለሚደርስ በየወሩ አንድ ሌሊት እናድራለን» ስትሉ ግን የሚስተካከል ነገር ሰጣችሁት። የሰማችሁትን የሰው ጉዳይ ይዛችሁ አትግቡ። ያላያችሁትን ስትመሰክሩ ያያችሁትም አይታመንም።

አንድ ነገር ግን ለዚያች ወንበር አታቆዩ። ትንኮሳ ወይም ስርቆት ከሆነ በጽሑፍ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ አቤቱታ አስገቡ፣ ቅጂውንም ያዙ። በመጨረሻው ሳምንት በጨዋታ መልክ የተነገረ ነገር ማስታወሻ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ይቀራል። እኔ ዘንድም ተኝቶ የቀረ አለ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያቺ ስድስተኛዋ ስትጨርስ «የጻፍከውን ላንብበው» አለችኝ። ሰጠኋት። «ሠራተኞች ሁልጊዜ ያድራሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። እስክሪብቶዬን ተቀብላ «ሁልጊዜ» የሚለውን ሰረዘች፤ ከላዩ ላይ «በየወሩ አንድ ሌሊት» ብላ ጻፈችና መለሰችልኝ።