የምስክር ወረቀቱ የትኛውን ስም ይዞ ወጣ?

«ለአንድ የኦንላይን ሥልጠና ስመዘገብ ስሜን ‹ሜሲ› ብዬ ሞላሁ፤ የምስክር ወረቀቱም በዚያው ስም ወጣ። ፕሮፋይሌ ላይ ገብቼ ስሜን እንደ ፓስፖርቴ ‹መሠረት› ብዬ ባስተካክልም ወረቀቱ አልተለወጠም። ቅጽ ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ሁሉ ስሞች ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ፕሮፋይልዎ ላይ ያስተካከሉት `Display name` የሚባለውን፣ ከፎቶዎና ከመልእክትዎ አጠገብ የሚታየውን ስም ነው። ይህን ስም ከሰነድ ጋር የሚያመሳክረው ስለሌለ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ እንደፈለገ ይለውጠዋል። `Legal name` ግን ሌላ ሰው ከመታወቂያዎ ጋር ፊደል በፊደል ሊያስተያየው የሚችል ስም ነው። የተመዝጋቢዎችን መዝገብ የማስተዳድር እንደመሆኔ፣ ሁለቱ ለየብቻ እንደሚቀመጡና አንዱ ሲለወጥ ሌላው አብሮ እንደማይለወጥ በየጊዜው ማስረዳት ይኖርብኛል። ከዚህም በላይ የምስክር ወረቀት አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ መዝገቡ ቢታረምም እንኳ እንደገና ካልታተመ የቀድሞውን ስም እንደያዘ ይኖራል።

ስለዚህ ለሥልጠናው ድጋፍ ሰጪ ክፍል ሲጽፉ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ፤ መጀመሪያ በመዝገቡ ያለው ሕጋዊ ስም እንዲታረም፣ ቀጥሎ ወረቀቱ በታረመው ስም እንደገና እንዲወጣ። የምስክር ወረቀቱን ቁጥርና የተመዘገቡበትን ኢሜይል ይጥቀሱ። የመታወቂያ ቅጂ ከጠየቁዎትና የሚፈልጉት ስሙን ብቻ ከሆነ፣ የሰነዱን ቁጥር ሸፍነው መላክ ይችሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። አዲሱ ሲደርስዎ ወረቀቱን ብቻ አይመልከቱ፤ ማረጋገጫ ሊንክ ካለው ከፍተው በዚያም ስሙ መታረሙን ይዩ፤ ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነውና።

ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፉ በጆሮዎ አይመሩ። መሠረት የሚለውን ስም አንዱ `Meseret`፣ ሌላው `Meseret` ሳይሆን `Messeret` ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ትክክለኛው ፓስፖርትዎ ላይ የሰፈረው ነው። በፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች አሉ፤ በላይኛው ላይ የቤተሰብ ስምና የግል ስም በ`<<` ተለያይተው ይገኛሉ። ስሙ ረጅም ከሆነ ግን እዚያ ተቆርጦ ሊገኝ ስለሚችል ከላይ በተለመደው ጽሕፈት የሰፈረውን ይከተሉ።

`Preferred name` ሊጠሩበት የሚፈልጉት ስም ነው፤ አሠልጣኙ ሲጠራዎትና ደብዳቤ ሰላምታ ሲያቀርብልዎ ያገለግላል እንጂ ሕጋዊውን አይተካም። ‹ሜሲ› መግባት የነበረበት እዚህ ነው። `Nickname` የሚለውን ሣጥን፣ ግዴታ እስካልሆነ ድረስ፣ ባዶ ቢተዉት የሚጎድልብዎ የለም።

ቅጹ `Name` የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ካለውና መጨረሻው የምስክር ወረቀት፣ ትኬት ወይም ክፍያ ከሆነ፣ ሕጋዊውን ይጻፉ። ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን ‹ሜሲ› በራሱ ሞልቶልዎ እንዳይሆንም ከመላክዎ በፊት ሣጥኑን አንዴ ይመልከቱ።