በብብትና በብሽሽት የሚመላለስ እባጭ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው፤ የምኖረው አለም ገና ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በብብቴና በብሽሽቴ ብጉንጅ እየወጣብኝ ተሠቃየሁ። በጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተቀዶ መግሉ ወጥቶልኛል፤ የአንድ ሳምንት አሞክሳሲሊንም ወስጃለሁ። አንዱ ሲድን ሌላው ይተካል። ገላዬን በየቀኑ እታጠባለሁ። ምን ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁኔታው ሃይድራዴናይተስ ሰፑራቲቫ የተባለውን ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም በእጅጉ ያስጠረጥራል። ሕመሙ የሚጀምረው ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ሲደፈን ነው፤ የተደፈነው ቀዳዳ ከቆዳ በታች ፈንድቶ ይዘቱ በዙሪያው ሲፈስ ሰውነት በብርቱ ይቆጣል፤ እባጩም መግሉም የዚህ ቁጣ ውጤት ነው። ስለሆነም ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ቆዳውን በኃይል መፈተግ ግን ያባብሰዋል።

ተራ ብጉንጅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አፍርጦ ይድናል። ይህኛው ግን በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በብብት፣ በብሽሽት፣ ከጡት ሥር ወይም በመቀመጫ ይመላለሳል። ጥንድ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ እንደ ገመድ የጠነከረ ጠባሳ ወይም ሳይደፈን ፈሳሽ የሚያወጣ ቀዳዳ ካዩ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

መቅደድ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ነገር ግን ከቆዳ በታች የተፈጠረው ቦይ ስለሚቀር እባጩ ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ቦታ ለሚደጋገመው የተሻለው ቀዶ ሕክምና የቦዩን ጣሪያ ሙሉ በሙሉ አንስቶ ቁስሉ ከሥሩ እንዲሽር መተው ነው። ሕመሙ ቀላል ሲሆን 1 በመቶ ክሊንዳማይሲን በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሰፋ ሲል ደግሞ ዶክሲሳይክሊን ለሦስት ወር ያህል ይታዘዛል። ጊዜው የሚረዝመው መድኃኒቱ በዋነኛነት የሚፈለገው ቁጣውን ለማብረድ ስለሆነ ነው። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

አንድ ጉዳይ በአገራችን በተለይ ሊታለፍ አይገባም፤ የንፍፊት ቲቢም በብብት አብጦ ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል። እባጩ ብዙም የማያም ከሆነ፣ ወይም ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና የቆየ ሳል ካለ፣ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ይህ በተለይ ሪፋምፒሲን ከመጀመሩ በፊት መጣራት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ለዚህ የቆዳ ሕመም ከክሊንዳማይሲን ጋር የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የቲቢም መድኃኒት ነው። ከዚህም ሌላ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል።

የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም፣ ክብደትዎ ከበዛ መቀነስ ሕክምናውን ያግዛል፤ ስኳርም ቢለኩ መልካም ነው። ከአለም ገና ብዙ በማይርቀው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች ስላሉ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ። በቀጠሮው ቀን እባጭ ባይኖር እንኳ ጠባሳዎቹን ያሳዩ፤ እባጩ ሲወጣ በስልክዎ ያነሱትን ፎቶም ይዘው ይሂዱ። ትኩሳት ከመጣ ወይም መቅላቱ በፍጥነት ከሰፋ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይታዩ።