መልስ፦ የሶላር መብራት የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ

«ሶላር መብራት መሸጥ ጀምሬያለሁ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋባቸው ቤቶች የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ልሰራ ነው፣ ስክሪፕቱ ምን ይምሰል?»

ወንድሜ ንግግሩን አታብዛው፣ በ30 ሰከንድ ረጋ ብሎ የሚነበበው 50 ቃል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ታሪኩን ምስሉ ይንገርልህ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦

ከ0 እስከ 4 ሰከንድ፦ ልጅቷ የቤት ስራ እየሰራች ነው፣ እርሳሷን በጣም ቀርበህ ቅረፅ። ድርግም። ሙዚቃ የለም፣ ከጎረቤት «ኧረ ሄደ!» ብቻ ይሰማ።

ከ4 እስከ 10፦ እናት በስልኳ እያበራች መሳቢያ ውስጥ ሻማ ትፈልጋለች፣ ስልኩም ይዘጋባታል።

ከ10 እስከ 22፦ ልጅቷ «እማዬ፣ ይሄ አለ እኮ!» ብላ መስኮት ላይ የነበረውን ሶላር ታበራለች። ድምፅ፦ «ቀን ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት፣ ማታ ያብሩት።»

ከ22 እስከ 30፦ እርሳሷ ተመልሳ ትፅፋለች፣ ስክሪኑ ላይ ዋጋ፣ ስልክህና ስንት ሰዓት እንደሚያበራ።

ሰዓቱን ግን ካርቶኑ ላይ ካለው አትገልብጥ፣ ሙሉ ቀን ቻርጅ አድርገህ ማታ በከፍተኛው አብራና እስኪደክም ቁጠር፣ ክረምት ላይ ደመና ሲሆን በደንብ ስለማይሞላ «ሙሉ ቀን ፀሐይ ካገኘ» የምትለዋን ጨምርባት፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ሰው የገዛውን ይመልስልሃል።

ስትቀርፅ ሌላ መብራት አታስገባ፣ ሰው የሚገዛው ያየውን ብርሃን ነው። የስልክ ካሜራ ጨለማውን ራሱ ስለሚያነጣው የስልኩ ስክሪን ላይ ሶላሩ የሚታይበትን ቦታ በጣትህ ተጭነህ ያዝና ብርሃኑን ሎክ አድርገው።