ሲሚንቶውን ጠይቁት

በፎቶሾፕ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ከአንድ ፎቶ ቆርጣችሁ ሌላው ላይ ያስቀመጣችሁት ዕቃ ለምን እንደ ስቲከር ቁጭ እንደሚል ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ጠርዙን ታጠራላችሁ፣ ጥላ ትሠሩለታላችሁ፣ አሁንም አልገባም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነው። እኔም ብዙ ዓመት በዓይኔ ግምት ስደናበር ኖሬ፣ የነቃሁት አንድ ሶፋ ካዋረደኝ በኋላ ነው።

ሥራው ለአንድ የባሕር ዳር ሆቴል ነበር። በረንዳው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ቢጫ ስትሆን ተነስቷል። ሶፋው ደግሞ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በግራጫ ወረቀት ፊት የተነሳ ነው። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ። እኔ ሶፋውን በረንዳው ላይ አስቀመጥኩና ዓይኔ ደስ እስኪለው ድረስ ቢጫና ቀይ ጨመርኩበት። ግማሽ ሰዓት ካፈጠጡበት ዓይን ሁሉንም ነገር ይለምዳል። ባነሩ ታትሞ ሲሰቀል ታዲያ ጉዱ ወጣ። ከጠረጴዛዎቹ ሥር ያለው ጥላ ሰማያዊ ነገር ሆኖ ሳለ፣ የእኔ ሶፋ እጥፋቶች ውስጥ ያለው ጥላ ቡናማ ነበር። ባለቤቱ የዚህ ሙያ ሰው አይደሉም፤ ግን «ሶፋው በሌላ ሰዓት የመጣ ይመስላል» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ቤቴ ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩና ከመጀመሪያው ልጠይቀው ይገባ የነበረውን ነገር ጠየቅኩት፤ የበረንዳውን ሲሚንቶ።

ግራጫ ዕቃ የራሱ የሆነ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ቀለም ይዞ ከታየ፣ ያ ቀለም የብርሃኑ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የከርቭን፣ ማለትም ብርሃንና ቀለም በመስመር የሚስተካከልበትን የCurves መሣሪያ፣ የግራጫ መምጠጫ አንስተው ሲሚንቶው ላይ ይጫኑታል። ሲሚንቶው እውነተኛ ግራጫ ይሆናል፣ የ11 ሰዓቷ ፀሐይም አብራ ትጠፋለች። እኛ የምንፈልገው ሲሚንቶውን ማረም አይደለም። ሲሚንቶው ላይ ያረፈውን ቀለም ወደ ሶፋው መውሰድ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱ ፎቶዎች አንድ የቀለም ፕሮፋይል ላይ ይሁኑ፤ አለዚያ የምታነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም። ቀጥሎ ቀለም የምታነቡበትን የEyedropper መምጠጫ መጠን 11 by 11 Average አድርጉት። አንድ ፒክሰል ብቻ ካነበባችሁ የአሸዋ ፍሬ ነው የምታነቡት። ሶፋውን ስትቆርጡ ደግሞ የስቱዲዮውን ግራጫ ወረቀት ቁራጭ አብራችሁ አምጡ፤ በማስክ በኋላ ትደብቁታላችሁ። ቁራጩ ሶፋው ላይ ባረፈው ብርሃን የተነሳ ነውና ምስክራችሁ እሱ ነው። ከሶፋው ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ውሰዱት፤ ጨርቁ አጠገቡ ያለውን ወረቀት ያቀልመዋል።

የእኔን ቁጥሮች ላሳያችሁ። ፀሐይ ያገኘው ሲሚንቶ ቀይ 176፣ አረንጓዴ 158፣ ሰማያዊ 133 አነበበ። የስቱዲዮው ወረቀት በሦስቱም 140 ነው። አሁን 140ውን ወደ 176፣ 158፣ 133 እንዳትወስዱት። ሲሚንቶና ወረቀት እኩል ብሩህ ዕቃዎች አይደሉም፤ እንዲያ ካደረጋችሁ ሶፋው ያለ ምክንያት ይነጣል። የሚወሰደው በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አረንጓዴውን ባለበት ተዉት። የሲሚንቶውን ቀይ በሲሚንቶው አረንጓዴ አካፍሉና በ140 አባዙት፤ 156 ይመጣል። ሰማያዊውም በዚያው ሂሳብ 118 ይሆናል።

ሶፋው ላይ ብቻ የተያዘ የከርቭ ሌየር ክፈቱ። በቀዩ ቻናል 140 ሲገባ 156 ይውጣ። በሰማያዊው 140 ሲገባ 118 ይውጣ። ወረቀቱን መልሳችሁ ስታነቡት 156፣ 140፣ 118 ካለ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ግማሹን ብቻ፤ እኔ የተዋረድኩት በዓይን ግምት የፀሐይዋን ቀለም ብቻ ጨምሬ ስለቆምኩ ነው። በረንዳ ላይ ሁለት ብርሃን አለ። አንዱ ከፀሐይዋ የሚመጣው ቢጫ ነው። ሌላው ከሰማይ የሚወርደው ሰማያዊ ነው። ጥላ ውስጥ ፀሐይዋ አትደርስም፣ ሰማዩ ግን ይደርሳል። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሲሚንቶ ሳነበው 74፣ 80፣ 92 አለኝ። ያው ሲሚንቶ ነው፤ ቀለሙ ግን ተገልብጧል። ሶፋው ሥር ጥላ ያረፈበት ወረቀት በሦስቱም 52 ነበር። በዚያው ሂሳብ ቀዩ 48፣ ሰማያዊው 60 ይሆናል። ስለዚህ በየከርቩ ላይ ሁለተኛ ነጥብ ጨመርኩ። በቀዩ 52 ወደ 48 ወረደ፣ በሰማያዊው 52 ወደ 60 ወጣ። የቀዩ መስመር ታች ላይ ጎበጥ ብሎ ላይ ላይ ተነሳ፤ ሰማያዊው የዚያ ተቃራኒ ሆነ። እጥፋቶቹ ውስጥ የነበረው ቡናማ ወዲያው ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ግራጫው ልክ ሆኖ የሶፋው ቀለም ግን ትንሽ ወደ ቅጠል አረንጓዴ ሸሽቶ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከርቭ ግራጫን ልክ ሲያደርግ ደማቅ ቀለምን አንዳንዴ አሳልፎ ይገፋዋል። ሂውና ሳቹሬሽን፣ ማለትም የቀለሙ ዓይነትና ድምቀት፣ የሚገቡት አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። Hue/Saturation ላይ Cyans የሚለውን መርጬ ሂውን +6፣ ሳቹሬሽኑን −12 አደረግኩ። እኔ ከ10 በላይ ሂው ማዞር ካስፈለገኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ግራጫዬን እጠረጥራለሁ።

ግራጫም ይዋሻልና። እርጥብ ሲሚንቶ ሰማይን ያንጸባርቃል፤ አዲስ ቆርቆሮም እንደዚያው። ቀይ አፈር የለበሰ አስፋልት ግራጫ አይደለም። የአስተናጋጅ ነጭ ሸሚዝ ደህና ይመስላል፣ ግን ብዙ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ በፀሐይ ወደ ሰማያዊ ይስበዋል። በዚህ ምክንያት አንድን ግራጫ ብቻውን አላምንም። በዚያው ብርሃን ውስጥ ሁለት ሦስት እፈልጋለሁ። ሲሚንቶው፣ ያልተቀባው የብሎኬት ግድግዳና የመንገዱ ጠጠር ከተስማሙ አምናቸዋለሁ። አንዱ ካፈነገጠ እሱን እጥላለሁ።

መጨረሻ ላይ Ctrl+3፣ Ctrl+4፣ Ctrl+5 እየተጫናችሁ ቻናሎቹን አንድ በአንድ በጥቁርና ነጭ እዩ። ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ በአንድ ቻናል ግን መደበቂያ የለም። የድሮውን ባነር ፋይል እንዲህ ሳየው፣ በሰማያዊው ቻናል የሶፋው ጥላ ከጠረጴዛዎቹ ጥላ በእጅጉ ጠቁሮ ታየኝ። ይህን ከማተሜ በፊት ለማየት የሚፈጀው አስር ሰከንድ ነበር። Ctrl+2 ወደ ሙሉው ቀለም ይመልሳችኋል።

አንድ ነገር ግን ከርቭም ሂውም አይነኩትም፤ ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ። በስቱዲዮ መብራቱ በግራ ነበር፣ በበረንዳው ፀሐይዋ በቀኝ። ሶፋውን ግራ ቀኝ ገለበጥኩትና አዲሱን ባነር በራሴ ወጪ አሳተምኩ። የትራሱ ዚፕ በተሳሳተ ጎን መሆኑን ባለቤቱ እስከ ዛሬ አላዩትም።