«ዕቃውን ግዛ፣ ከደመወዝህ ጋር እንመልስልሃለን»

ጥያቄ፦ በቴሌግራም በጽሑፍ ብቻ ቃለ መጠይቅ ተደርጎልኝ ከቤት ሆኜ እንድሠራ ተቀጠርኩ። የቅጥር ደብዳቤውን ፈርሜ ላክሁ። ላፕቶፕና ሄድሴት «ከእኛ ሻጭ» እንድገዛ፣ ገንዘቡም ከመጀመሪያ ደመወዜ ጋር እንደሚመለስልኝ ነገሩኝ፤ በባንክ አስተላለፍኩ። አሁን ደግሞ ለሶፍትዌር ካልከፈልህ ውል በማፍረስ እንከስሃለን ይሉኛል። ፖሊስ ጋ ስሄድ «ይህ የገንዘብ ይመለስልኝ ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂድ» ተባልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከእንግዲህ ምንም አይክፈሉ። ይህን መልስ አንብበው ሳይጨርሱም ባንክዎ ደውለው «ተታልዬ የላክሁት ገንዘብ ነው፣ ተቀባዩ ሂሳብ ይታገድልኝ» ይበሉ፤ ያሉትንም በጽሑፍ ያስገቡ። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ የሚመለሰው ባብዛኛው ተቀባዩ ሂሳብ ውስጥ ገና ካለ ነው። አጭበርባሪዎች ደግሞ ገንዘቡን በሰዓታት ውስጥ ያወጡታል፣ ወይም ወደ ሌላ ሂሳብ ያዞሩታል። የከፈሉት በካርድ ቢሆን ኖሮ ሰፋ ያለ ጊዜ ነበረዎት።

የክሱ ማስፈራሪያ አያስጨንቅዎ። በማታለል የተገኘ ፊርማ አታላዩን አይጠቅመውም፤ የተታለለው ወገን ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ለነገሩ፣ የሚከስ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን ለፍርድ ቤት መግለጽ አለበት፤ ይህ ሰው ደግሞ ድምፁን እንኳ አላሰማዎትም።

አሁን ወደ ፖሊሱ ነገር ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። ፖሊሱ ያለዎት ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ገዛሁ፣ እንመልሳለን አሉኝ፣ አልመለሱም» ብለው ከጀመሩ የሰማው ሰው የሚያየው ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ ዕዳ አለመክፈል ብቻውን ደግሞ ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚያደርገው ገንዘቡ አለመመለሱ ሳይሆን፣ እርስዎ በከፈሉበት ሰዓት የተነገረዎት ነገር ሐሰት መሆኑና የነገረዎትም ሰው ይህን ማወቁ ነው። ስለዚህ አቤቱታዎ ከውሸቱ ይጀምር። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በዚህ ቀን አንድ ሰው የእገሌ ድርጅት የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ አለኝ። አልነበረም። የድርጅቱ ሻጭ ነው ብሎ የሂሳብ ቁጥር ሰጠኝ። ሂሳቡ የግለሰብ ነው። እነዚህን አምኜ ከፈልኩ፤ ባላምን ኖሮ አልከፍልም ነበር።» የመመለሱ ቃል የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ማታለያው እንደነበር ለማሳየት።

«አልነበረም» የሚለው ቃል ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃውን ማግኘት ግን ቀላል ነው። ስሙን ለተጠቀሙበት ድርጅት ይጻፉ፤ አድራሻውን ግን ከቅጥር ደብዳቤው ሳይሆን ራስዎ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ይውሰዱት። «ይህን ቅጥር አላወጣንም፣ ይህ ሰውም የእኛ ሠራተኛ አይደለም» የሚል አንድ መስመር መልስ ፋይልዎን ከዕዳ ወደ ማታለል ያሻግረዋል። ድርጅቱ ራሱ ስሙ ያላግባብ የተወሰደበት ከሆነ ባብዛኛው ተጠያቂ ስለማይሆን፣ ገንዘቤን መልሱ ብለው አይጀምሩት። እንደ ምስክር ይጠቀሙበት። የሂሳቡን ባለቤት ስም ደግሞ ከማስተላለፊያ ደረሰኝዎ ላይ ያገኙታል። «ሻጩ» ኩባንያ ተብሎ ደረሰኙ ላይ የአንድ ሰው ስም ካለ፣ ያችን መስመር ያስምሩባት። የዚያ ሂሳብ ባለቤት ራሱ የተታለለ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ምርመራው የሚጀምረው ከእሱ ነው።

እስከዚያው ሰውየውን አይሳደቡት፣ «ነቅቼብሃለሁ» አይበሉት። በቴሌግራም የግል ውይይት አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስክሪንሾት ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም፤ የተጠቃሚ ስም በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላልና። በኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ከፍተው፣ ከውይይቱ ሦስት ነጥቦች ውስጥ `Export chat history` የሚለውን ይጫኑና ቅርጹን `JSON` ያድርጉት። በሚወጣው ፋይል ውስጥ፣ ሰውየው በላካቸው መልእክቶች ላይ `from_id` ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ስሙን ቢለውጥም አብሮት ይኖራል። ፖሊስ ለቴሌግራም ጥያቄ ሲጽፍ የሚይዘው ያንን ቁጥር ነው። የቅጥር ደብዳቤውንም ፎቶ አንስተው ሳይሆን የመጣልዎትን ፒዲኤፍ እንዳለ ያስቀምጡ።

ለ«ቅጥሩ» የመታወቂያ ቅጂ ልከው ከሆነ ይህንንም በአቤቱታው ላይ ከነቀኑ ይጻፉት። ነገ በስምዎ ሂሳብ ተከፍቶ ሌላ ሰው ቢጭበረበርበት፣ መታወቂያው ከእጅዎ በማታለል እንደወጣ የሚያሳየው ቀድሞ የተመዘገበው ይህ አቤቱታ ነው። የአቤቱታ ቁጥሩን ተቀብለው ለባንክዎም ይስጡት። «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ የአገልግሎት ክፍያ ቅድሚያ» የሚል መልእክት በሚቀጥሉት ሳምንታት ቢመጣብዎ እሱንም ወደዚያው ፋይል ይጨምሩት፤ ምናልባት ያው ሰው ነው።